የሲኒ ድምፅ ሲያም

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ጠረጴዛችን ከትልቁ ስፒከር ፊት ለፊት ነበር። ሌሊቱን ጆሮዬ ሲጮህ አደረ፤ ጩኸቱ ከቀናት በኋላ ተወኝ። ከዚያ ወዲህ ግን የሲኒ መንኳኳት፣ የታክሲ ክላክስ፣ የተማሪዎቼ ጩኸት እንደ መርፌ ይወጋኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እስከ ማታ ጆሮዬን ውስጥ ውስጡን ያመኛል። አሁን ቤትም ሥራ ቦታም ቡሽ ከጆሮዬ አይለይም፤ በላዩ ጥጥ እጨምርበታለሁ። ቤት ውስጥ ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ እናቴ ሲኒዎቹን ፎጣ ላይ ነው የምትደረድራቸው። ሐኪም ጋ ሄጄ ‹ጆሮሽ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም› አለኝ። እኔ ግን ከወር ወር እየባሰብኝ ነው። ድሮ ልብ የማልለው የፍሪጅ ድምፅ እንኳ ያስቸግረኛል። እናቴ ጠበል እንሂድ ትላለች፤ እህቴ ደግሞ ጭንቀት ነው ትላለች። ሥራዬን ልተው? ከቡሽ የጠነከረ መድፈኛስ ይገኛል?»
መምህርቷ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ከዚህ የጠነከረ መድፈኛ አትፈልጊ። እንዲያውም ያለሽንም ቀስ በቀስ ከጆሮሽ የምታወጪበትን መንገድ ነው የምጽፍልሽ፤ ከወር ወር እንዲብስብሽ ያደረገው በአብዛኛው እሱ ይመስለኛል። ዛሬውኑ አውጥተሽ ጣይው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች በሁለተኛው ቀን ከበፊቱ የባሰ ፈርተው ይመለሱበታል።

የነገርሽኝ ሁሉ ሃይፐራኩሲስ ከሚባለው ችግር ጋር ይገጥማል፤ ሌላው ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ድምፅ ለታማሚው ከልክ በላይ የሚጮህበት ወይም የሚያምበት ችግር ነው። እህትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፤ ጭንቀት ያባብሰዋል። ግን አልፈጠረውም። ጠበሉንም አልከለክልሽም፤ ግርግር ያልበዛበት ቀን ምረጪ እንጂ።

ሐኪሙም ቢሆን አልዋሸሽም። የጆሮሽን ታምቡር አይቶ ነው ንጹሕ ነው ያለሽ፤ ይህ ችግር ግን በማየት አይገኝም። የመስማት ምርመራ የሚሠራበት ቦታ ሄደሽ ሁለት ነገር ያስፈልግሻል። አንደኛው በሄድፎን እየሰማሽ ቁልፍ የምትጫኚበት የተለመደው የመስማት ምርመራ ነው። ሁለተኛው ድምፅ የመቻል ልክሽን የሚለካው ነው፤ ባለሙያው ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ያደርግልሻል፣ «ከዚህ በላይ አልፈልግም» ስትዪ ያቆማል። ብዙ ሰው እስከ 90 እና 100 ዴሲቤል፣ ከዚያም በላይ ይችላል። ሃይፐራኩሲስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ 70ዎቹ ውስጥ ወይም ከዚያ በታች ያስቆማል። ቁጥሩን ጽፈሽ ያዢው፤ ከወራት በኋላ ለውጥ መኖሩን ከምትለኪባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ይሆናል።

እዚያ ስትሄጂ ገና ከመጀመርሽ በፊት ድምፅ እንደሚያምሽ ተናገሪ። ምክንያቱም በተለመደው ምርመራ ውስጥ የመሃል ጆሮ ጡንቻን ለመፈተን ድንገት ኃይለኛ ድምፅ የሚለቀቅበት ክፍል አለ፤ እስከ 100 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። እንዳንቺ ላለ ሰው ለጊዜው ቢታለፍ ይሻላል። ይህን ባለመናገራቸው ለምርመራ ሄደው ለሳምንታት ታመው የተመለሱ ሰዎች አሉ።

አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ ሌላ በሽታን ስለሚጠቁሙ የእኔን ምክር ትተሽ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም የሚያስሮጡ ናቸው። የፊትሽ አንድ ጎን ከደከመ፣ አንዱ ጆሮሽ ድንገት መስማት ካቆመ (ይህ በቀናት ውስጥ መታከም አለበት)፣ ከጆሮሽ ፈሳሽ ከመጣ፣ ወይም ኃይለኛ ድምፅ ስትሰሚ ዓለም ከዞረብሽና የራስሽን እርምጃ ወይም የዓይንሽን እንቅስቃሴ በጆሮሽ ውስጥ የምትሰሚ ከመሰለሽ ማለቴ ነው። በደብዳቤሽ ከነዚህ አንዱንም አላየሁም። ማይግሬን ካለብሽ ግን እሱንም ለሐኪሙ ንገሪ፤ ማይግሬን ሲታከም ለድምፅ ያለው ሕመም አብሮ የሚቀልላቸው ሰዎች አሉ።

አሁን መድፈኛው ለምን እንደሚጎዳሽ። ጆሮ ድምፅን ይቀበላል፤ ምን ያህል ይጩህ የሚለውን የሚወስነው ግን ከጆሮ እስከ አንጎል ያለው መስመር ነው። ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ሲያንስ ይህ መስመር ራሱን ከፍ ያደርጋል፤ ጣቢያው ሲደክም የሬዲዮኑን ቮልዩም እንደምንጨምረው ማለት ነው። ሰርጉ ላይ ከውስጠኛው ጆሮሽ የነርቭ ጫፎች የተወሰኑት ተጎድተው ሊሆን ይችላል፤ ይህ በተለመደው ምርመራ ሁልጊዜ አይታይም። አንጎልሽ የጎደለውን ለመሙላት ከፍ አደረገ። ሲያምሽ ደፈንሽው፤ መልእክቱ ይበልጥ አነሰ፣ አንጎልሽም ይበልጥ ከፍ አደረገ። የፍሪጁ ድምፅ ዛሬ የሚያስቸግርሽ ፍሪጁ ስለተበላሸ አይደለም።

ይህ በጤነኛ ሰዎች ላይም ታይቷል። በአሜሪካ ክሬግ ፎርምቢና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ደህና የሚሰሙ ፈቃደኞች ለሁለት ሳምንት ያህል ጆሯቸውን ደፍነው ሲቆዩ ያው ድምፅ ከበፊቱ የሚጮህ ሆኖ ተሰማቸው። ዝቅ ያለ ሹሹታ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ ደግሞ በተቃራኒው ድምፅ የመቻል ልካቸው ጨመረ። ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ምንም በሽታ በሌለበት ጆሮ። አንቺ ወራት አልፈውሻል። ደስ የሚለው ግን የዚያ ጥናት ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ቮልዩሙ ወደ ታችም ይወርዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቡሹን ማውጣት አይደለም። የቤታችሁን ዝምታ ማጥፋት ነው። ቤተሰብሽ በፍቅር ነው የሚያንሾካሹከው፣ ውጤቱ ግን ሌላ ቡሽ ነው። ዛሬ ማታ በተለመደው ድምፃቸው እንዲያወሩ ንገሪያቸው። ጮክ ብለው ሳይሆን እንደ ድሮው።

ከዚያ ስልክሽ ላይ pink noise ብለሽ ፈልጊ። ወጥ የሆነ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ፏፏቴ ያለ ድምፅ ነው። white noise የሚባለውም አለ፤ እሱ ስል ስለሆነ ብዙ ታማሚዎች አይወዱትም። የዝናብ ድምፅ ከመረጥሽም ይሆናል፤ ነጎድጓድ የሌለበት ይሁን። አንድ ነገር አደራ፦ ከዩቲዩብ በቀጥታ አታጫውቺ። ዝቅ ባለው ሹሹታ መሃል የሚገባው ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ይመጣና የሳምንት ልፋትሽን ያበላሻል። ወደ ስልክሽ አውርጂውና ኢንተርኔቱን ዘግተሽ አጫውቺ፤ የስልክ ጥሪና መልእክቱንም ድምፅ አጥፊው።

ሄድፎን አታድርጊ። ስልኩን ክፍሉ ጥግ አስቀምጪና ድምፁን ከዜሮ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ከፍ አድርጊ። ልክ መሰማት ሲጀምር አቁሚ። ልኩ ይህ ነው፤ ካዳመጥሽው ይሰማል፣ ሥራ ከያዝሽ ትረሺዋለሽ፣ ሰው ሲያወራሽ ምንም አይከልልሽም። በዚህ ልክ ቡሹን አውጥተሽ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ደብተር አርሚ፣ ሽንኩርት ክተፊ፣ ብቻ ቁጭ ብለሽ ድምፁን አትከታተዪው። ሦስት አራት ቀን ያለ ሕመም ካለፈ ሰዓቱን ጨምሪ፤ ቤት በምትሆኚበት ጊዜ አብዛኛውን እስኪሸፍን ድረስ። ሰዓቱ ከሞላ በኋላ ነው ቮልዩሙን የምትነኪው፤ እሱንም በሳምንት ከአንድ እርከን አይበልጥ። ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ ሰዓቱ ይሰለቸውና ቮልዩሙን ይጨምራል። የሚያለማምደው ግን ርዝመቱ ነው፣ ጩኸቱ አይደለም።

ሐኪሞች ይህንኑ ጆሮ ላይ በሚደረግ ትንሽ የድምፅ መሣሪያ ይሠሩታል። ፓወል ጃስትሬቦፍ መጀመሪያ ለጆሮ ጩኸት ያዘጋጁት የማለማመድ ሕክምና የሚጠቀመው እሱን ነው፤ ድምፁን ከምክር ጋር አጣምሮ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይሄዳል። መሣሪያው ከተገኘ በየሄድሽበት ይከተልሻል፤ ካልተገኘ በስልክ መጀመር ይቻላል።

ቤት ውስጥ ያለ ቡሽ መዋል ሲቀልሽ ወደ ሲኒው እንምጣ። ሲኒ ከባድ ድምፅ ነው። ጩኸቱ ለቅጽበት ነው፣ ስል ነው፣ ሳይታሰብ ይመጣል። ሦስቱን ለየብቻ ነው የምናሸንፋቸው። መጀመሪያ ሲኒ ሲነካካ ራስሽ በስልክሽ ቅጂው፤ ለመቅዳት ብቻ ቡሽ ማድረግ ትችያለሽ። ከዚያ ዝቅ አድርገሽ አጫውቺው፣ ጣትሽ ቮልዩሙ ላይ ይሁን። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጪው። ልምምዱ የሚሠራው 2 ወይም 3 በምትዪበት ልክ ነው፤ 5 ካልሽ በዝቷል፣ 0 ከሆነ ደግሞ ምንም እየሠራሽ አይደለም። በቀን አሥር ደቂቃ ያህል፣ 2 የነበረው 1 እስኪሆን ድረስ በዚያው ልክ ቆዪ።

ቀረጻው ሲለመድ ወደ እውነተኛው ሲኒ እለፊ፤ ግን ረከቦቱ ላይ የምትደረድሪው አንቺ ነሽ። ራስ የሚያሰማው ድምፅ ከሰው ድምፅ ይልቅ ይቻላል፣ አንጎል መምጫውን ስለሚያውቅ። በእናትሽ ፎጣ ላይ ጀምሪ። ሲለመድ ፎጣውን አንድ እጥፍ ቀንሺ፣ ከዚያ በስስ ጨርቅ፣ ከዚያ በባዶው ረከቦት። ቀጥሎ እህትሽ ትደርድር፤ አንቺ ሌላ ክፍል ሆነሽ፣ «ልጀምር ነው» እያለችሽ። ከዚያ በሩ ላይ ሆነሽ፣ ከዚያ አጠገቧ። ማስጠንቀቂያውን የምታቆመው መጨረሻ ላይ ነው። አንዱን እርከን ለማለፍ ሳምንት ቢፈጅ አትደነቂ። የቡና ሙቀጫውን ለጊዜው ለጎረቤት ተዪላቸው፤ እሱ ተራው ሩቅ ነው።

ቡሹስ? እዚህ ላይ የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕ ይረዳሻል። የስልክ መለኪያ ጥቂት ዴሲቤል ሊስት ይችላል፤ እንደ ሲኒ ያለውን የቅጽበት ድምፅም በደንብ አይዝም። ቦታን ከቦታ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ሰው ሲያወራ 60 አካባቢ ታያለሽ። ቤትሽ፣ ሰፈርሽ፣ ሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ75 በታች ናቸው፤ እዚያ ጆሮሽን የሚጎዳ ድምፅ የለም፣ ሕመሙ እውነተኛ ቢሆንም። ስለዚህ ቡሹ የሚወጣው በዚህ ተራ ነው፦ መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ የአሥር ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ ታክሲ፣ ክፍልሽ መጨረሻ። ጥጡን ግን ከነገ ጀምሮ ማቆም ትችያለሽ። ድምፅን በሙሉ የማይዘጋ፣ ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበት ባለ ማጣሪያ መድፈኛ ካገኘሽ ለታክሲውና ለክፍሉ መሸጋገሪያ ይሆንሻል። ከ85 በላይ የሆነ ቦታ ግን ሌላ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ጄኔሬተር አጠገብ፣ ሰርግ ቤት፣ እዚያ ሁሉም ሰው መድፈን አለበት፤ አንቺማ ያለ ምንም ይሉኝታ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። «ማታ ድረስ ውስጥ ውስጡን ያመኛል» ያልሽው ቀላል ነገር አይደለም። ሃይፐራኩሲስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ድምፁ ከመጠን በላይ ይጮህበታል፣ ድምፁ ሲቆም ያበቃል። ሌላው ግን ድምፁ ካለፈ በኋላ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት ያመዋል። በድምፅ የማለማመድ ዘዴ ይበልጥ የተሠራበትና የታወቀው በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ነው። በሁለተኛው ላይ ማስረጃው ስስ ነው፣ ችኮላም ይጎዳል። አንቺ ከሁለቱም አለሽ። ስለዚህ ከላይ ሳምንት ባልኩት ቦታ ሁለት ሳምንት ብትወስጂ እመርጣለሁ።

ልክ ማለፍሽን የምታውቂው በዚያው ደቂቃ በሚሰማሽ አይደለም፣ በማግስቱ ጠዋት ነው። ልምምድ ላይ ትንሽ መወጋት ይጠበቃል፤ ካረፍሽ ብዙም ሳይቆይ ከጠፋ ምንም አይደለም። ተኝተሽ ስትነሺ ሕመሙ ወይም ጆሮሽን የመሙላት ስሜቱ ካለ ግን ትናንት በዝቶብሻል። ያን ጊዜ ወደ ቀደመው እርከን ተመለሺና ጥቂት ቀን እዚያ ቆዪ። ወደ ዜሮ አትመለሺ፣ ሙሉ ቀን ወደ መድፈንም አትመለሺ። ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። አንዱ በአንድ ክፉ ቀን ተስፋ ቆርጦ ቡሹን መልሶ ለወር ያደርጋል። ሌላው ደግሞ «ልልመደው» ብሎ ስፒከር አጠገብ ይቆማል፤ ይህኛው የባሰ ነው፣ አጥብቄ እለምንሻለሁ እንዳትሞክሪው። በዝግታ ሁለት ወር ያህል ሠርተሽም በየጊዜው ለቀናት የሚያምሽ ከሆነ ልምምዱን አቁሚና ከሐኪም ጋር ሆናችሁ እንደገና እዩት።

ከድምፅ ልምምዱ ጎን ለጎን የሚረዳ ሌላ ነገር አለ። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት 60 ታማሚዎች ላይ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ተሞክሮ፣ ሕክምናውን ያገኙት ተራ ከጠበቁት ይልቅ ድምፅ የመቻል አቅማቸው ተሻሽሏል፣ ፍርሃታቸውም ቀንሷል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ ማለቴ እህትሽ ልክ ናት ማለቴ አይደለም። ታክሲ ገና ከሩቅ ሲመጣ ትከሻሽ የሚሸማቀቅ፣ ጥርስሽ የሚነካከስ ከሆነ፣ ክላክሱ ሳይጮህ ሕመሙ ተጀምሯል ማለት ነው፤ ባለሙያው የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ልምድ ካለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሲኒውን የምትለማመጂበትን ሠንጠረዥ አብራችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ወደ ሥራሽ ልምጣ። ሥራ የተዉ ታማሚዎችን አውቃለሁ፤ ቤት ሲውሉ ዝምታው ይበዛና ችግሩ ይጠነክራል። ስለዚህ ለርዕሰ መምህሩ የሚሰጥ የሐኪም ወረቀት አውጪ፣ የምትጠይቂውም ጥቂትና ግልጽ ይሁን። በዕረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ተማሪ ከመጠበቅ ለአንድ ሴሚስተር እንድትቀሪ፤ የስፖርትና የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህር እንዲይዝልሽ፤ ክፍልሽም ከደወሉ ራቅ ያለው እንዲሆን። የዴስኮቹ እግር ሥር የጎማ ቁራጭ አስመቺ፤ በክፍል ውስጥ ስል ሆኖ የሚወጋው የብረትና የሲሚንቶ መፋጨት ነው። ተማሪዎችሽን ዝም ለማሰኘት ጠረጴዛ አትምቺ፣ እጅ ማንሳትን ምልክት አድርጊው፤ የሁለተኛ ክፍል ልጆች እንደ ጨዋታ ይይዙታል።

በሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች መሃል ባዶ ክፍል ካለ ገብተሽ ስልክሽ ላይ ያለውን ሹሹታ ለአሥር ደቂቃ ክፈቺ፤ ቡሹን አውጥተሽ። ክፍል ውስጥ ቡሹን የምታወጪው የመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ጽሕፈት በሚጽፉበት ሰዓት ይሁን፤ መዝሙር በሚዘምሩበት ሰዓት አይሁን።

የምርመራውን ወረቀት ስታገኚ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፊልኝ፤ የምትሰሚበትንና የምታስቆሚበትን፣ ለቀኝና ለግራ ጆሮ ለየብቻ። ከሁለቱ ጆሮዎች አንዱ ብቻ በጣም ዝቅ ካለ የምሰጥሽ ምክር ይለወጣል።